ዕድሜ የማያስተካክለው፦ ስለ ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«እኛ ከትምህርት እንደ ወጣን ሥራ የያዝነው ተግተን ስለ ፈለግን ነው። ዛሬ በዓለም ደረጃ የወጣቶች ሥራ አጥነት ከ15 ዓመት ወዲህ ዝቅተኛው ላይ ደርሷል እየተባለ ወጣቱ ግን ሥራ የለም ይላል። የተቀመጠው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ሥራ አማርጦ ነው። የያዘውም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም። ለማንኛውም ዕድሜ ያስተካክለዋል፤ ሠላሳ ሲሞላው ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።»

እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ሰሞኑን ካነበብሁት አንድ ጽሑፍ የተወሰዱ ናቸው። ጸሐፊው የሚያነሷቸው ነገሮች በየስብሰባውና በየቤቱ የሚነገሩ በመሆናቸው እንደ አቀራረባቸው ቅደም ተከተል ልመልስላቸው ወደድሁ። ለብዙ ዓመታት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ማመልከቻ ሳነብ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከምከራከርባቸው ነገሮች በአንዱ ላይ እኔም እጄ አለበት፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። በጽሑፉ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ልጀምር። ትጋት እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት በር እስከ ሥራ በር ያለውን መንገድ ያሳጠረው ትጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እኩል የተጉ ሰዎች በተለያየ ዓመት ስለ ተመረቁ ብቻ እጅግ የተለያየ ዕጣ ባልገጠማቸው ነበር። ግብፅን እንውሰድ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሁሉ የመንግሥት ሥራ እንደሚሰጥ በሕግ ዋስትና ሰጠ፤ ዋስትናው በኋላ ለሙያና ለቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመራቂዎችም ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመረቀ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ጥቂት ይጠብቅና ይመደብ ነበር። ተመራቂው ሲበዛ፣ የመንግሥት በጀትም ሲጠብ፣ ሕጉ ወዲያው አልተሻረም፤ የረዘመው ወረፋው ነበር። ጥበቃው በ1980ዎቹ ብዙ ዓመታት የሚወስድ ሆነ፤ በመጨረሻም ዋስትናው በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። ታላቅ ወንድም በወራት የያዘውን ወንበር ታናሽ ወንድም ዓመታት ጠብቆ አላገኘውም። ዲግሪያቸው አንድ ነው፤ ትጋታቸው ላይለያይ ይችላል፤ የተለያየው የተመረቁበት ዓመት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት። ያለፈውን ትውልድ ስናስብ የምናስታውሰው ትምህርቱን የጨረሰውን ነው። ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው የሚማረው ከዕድሜ እኩዮቹ ጥቂቱ ነበር፤ አብዛኛው ገና በልጅነቱ በቤተሰቡ እርሻ ወይም ንግድ ላይ ተሰማርቶ ስለ ነበረ «ከትምህርት ወደ ሥራ መሸጋገር» የሚባለውን ጎዳና ጭራሽ አላየውም። የያኔውን ጥቂት ተመራቂ ከዛሬው ብዙ ተመራቂ ጋር ማወዳደር የአንድ ክፍልን አንደኞች ከሌላ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 የወጣቶች ሥራ አጥነት ምጣኔ 13 በመቶ እንደ ሆነ፣ ይህም ከ15 ዓመት ወዲህ ዝቅተኛው እንደ ሆነ መዝግቧል፤ ጸሐፊው በዚህ አልተሳሳቱም። ቁጥሩ ግን የሚቆጥረውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በዚህ መለኪያ አንድ ወጣት «ሥራ አጥ» የሚባለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፦ በጥናቱ ሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ ያልሠራ፣ ሥራ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ፣ በቅርቡም ሥራ ለማግኘት በተግባር የሞከረ። በሳምንት ግማሽ ቀን የጎረቤት ዕቃ ተሸክሞ የተከፈለው ወጣት በመዝገቡ ሥራ ያለው ነው። መቶ ቦታ አመልክቶ ተስፋ የቆረጠው፣ ባለፉት ሳምንታትም ማመልከት ያቆመው ደግሞ ከመዝገቡ ጭራሽ ይወጣል፤ ተስፋ መቁረጡ ምጣኔውን ያሳንሰዋል። በዚያው በ2023 ትምህርት ላይም፣ ሥራ ላይም፣ ሥልጠና ላይም ያልነበሩት ወጣቶች ድርሻ 20.4 በመቶ ነበር፤ ከእነዚህም ከሦስት ሁለቱ እጅ ሴቶች ናቸው። ሥራ አጥነቱ ከአሥር ዓመት በላይ ያልታየ ዝቅታ ላይ ደረሰ በተባለበት ዓመት፣ ከአምስት ወጣት አንዱ የትም አልነበረም።

ለእውነት ስንል ግን ቁጥሩ በተቃራኒውም እንደሚያሳስት መናገር ይገባል፤ በእኔ ወገን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል። ስሌቱን ለማሳየት ያህል የራሴን ምሳሌ ላቅርብ። በድሮው ዘመን ከ1,000 ወጣቶች 200ው ተማሪ፣ 800ው ሥራ ላይ ያለ ወይም ሥራ ፈላጊ ነበሩ እንበል፤ ከ800ው 120ው ሥራ ቢያጡ ምጣኔው 15 በመቶ ይሆናል። ዛሬ ከ1,000 ወጣቶች 600ው ተማሪ፣ 400ው ሥራ ላይ ያለ ወይም ሥራ ፈላጊ ናቸው እንበል፤ ከ400ው 100ው ሥራ ቢያጡ ምጣኔው 25 በመቶ ነው። በጋዜጣ «የወጣቶች ሥራ አጥነት ከ15 ወደ 25 በመቶ አሻቀበ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሥራ ያጣው ወጣት ብዛት ግን ከ120 ወደ 100 ወርዷል። እንግዲህ ይህን ምጣኔ ብቻ ይዞ ሁለት ትውልድ ማወዳደር፣ «ተሻሽሏል» ለሚለውም ሆነ «ተበላሽቷል» ለሚለው አስተማማኝ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት ከ2012 እስከ 2015 በብዙ አገሮች ያካሄደው የሽግግር ጥናት የተሻለ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወጣቱ ሥራ አለው ወይስ የለውም ብሎ ብቻ ሳያበቃ፣ የጸና ወይም ራሱ የረካበት ሥራ ላይ ደርሷል ወይስ ገና መንገድ ላይ ነው ብሎ ጠየቀ። በዚህ አከፋፈል ሊለቅ የሚፈልገው ጊዜያዊ ሥራ ላይ ያለ ወጣት ገና በሽግግር ላይ ይመደባል፤ በተራው መለኪያ ግን ጉዳዩ ያለቀለት ሠራተኛ ነው።

የሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ክስ ከሁሉም ይልቅ ሰው ጆሮ የሚገባ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። የሚያማርጥ ወጣት የለም አልልም፤ አለ። ጥያቄው ማማረጡ ስንፍና ነው ወይስ ስሌት የሚለው ነው። የተገኘውን ወዲያው የያዘ ወጣት በኋላ ምን ደረሰበት ብለን ብንጠይቅ፣ የስፔን ታሪክ አንድ መልስ ይሰጠናል። በ1984 ስፔን አሠሪዎች ለማናቸውም ዓይነት ሥራ በጊዜያዊ ኮንትራት መቅጠር እንዲችሉ ሕጓን አላላች። ዓላማው ጸሐፊው የሚመኙት ነበር፤ ወጣቱ ቶሎ አንድ ነገር እንዲይዝና ከዚያ እንዲያድግ። በኋላ ተመራማሪዎች ለውጡ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብለውና ከመጣ በኋላ ወደ ሥራ ገበያ የገቡ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያላጠናቀቁ ወንዶችን መዝገብ ለረጅም ዓመታት ተከትለው አወዳደሩ። ከለውጡ በኋላ የገቡት በለጋ ዕድሜ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨምሮ ነበር። ነገር ግን ዓመታት ሲደመሩ በጠቅላላው የሠሩት ቀን ከቀደሙት ያነሰ፣ የተከፈላቸውም ገንዘብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከኮንትራት ወደ ኮንትራት ሲሻገሩ በመካከሉ ያለው ባዶ ጊዜ ቶሎ የገቡበትን ጥቅም በላው፤ ነገ የሚሸኘውን ሠራተኛ ሙያ ለማስተማር የሚጓጓ አሠሪም አይበዛም። ስፔን ራሷ በ2021 መጨረሻ ጊዜያዊ ኮንትራትን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣች።

ታዲያ ወጣቱ ይጠብቅ? መጠበቁም ዋጋ አለው። በአሜሪካ ተመራማሪዎች በሌላው ነገር ተመሳሳይ የሆኑ፣ ያለ ሥራ በተቀመጡበት ጊዜ ርዝመት ብቻ የሚለያዩ የፈጠራ ማመልከቻዎችን ለእውነተኛ ማስታወቂያዎች ልከው ነበር። ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድሉ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት በፍጥነት እየወረደ ሄደ። ማመልከቻውን ያነበበው ሰው ስለ አመልካቹ አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያየው ክፍተቱን ነው። ስለዚህ ዛሬ ከትምህርት የሚወጣው ወጣት ሁለት በሮች መካከል ቆሟል፤ አንዱ የማያሳድግ ጊዜያዊ ሥራ ነው፣ ሌላው በየወሩ ዋጋውን የሚያሳንስ ጥበቃ ነው። የመጀመሪያው ሥራ መንገዱን የሚወስን በሆነበት ገበያ ለጥቂት ወራት ማማረጥ የሞኝ ሥራ አይደለም፤ ሞኝነት የሚሆነው ጥበቃው ሲረዝም ነው፣ መቼ እንደ ረዘመ ግን ማንም አይነግረውም። ቤተሰቡ ሊያቆየው የማይችል ወጣት ይህ ምርጫ እንኳ የለውም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተገኘውን ይዞ «ሥራ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር ወዳልሁት ደረስሁ። በአንድ ወቅት ለሁለት ጀማሪ ሠራተኞች ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። ማመልከቻ በኮምፒውተር የሚገባ ስለ ነበር በአሥር ቀን ውስጥ ከ400 በላይ መጣ፤ የምናነብበው ግን ሦስት ሰዎች ነበርን። የመጀመሪያዎቹን 60 በወጉ አነበብን፤ ከዚያ በኋላ ዓይናችን የትምህርት ቤት ስምና የሥራ ልምድ የሚል ቃል ብቻ መፈለግ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ሥራ፣ በዚያው ደመወዝ ማስታወቂያ ስናወጣ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው/ያላት» የሚለውን መስመር የጨመርሁት እኔ ነኝ። ሥራው ልምድ አይጠይቅም ነበር፤ አንድ ሰው በሦስት ሳምንት ይለምደዋል። መስመሩ የገባው የወረቀቱን ክምር ለማሳነስ ነው፤ አሳነሰውም። ይህ የእኔ ብቻ ስንፍና እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከ2007ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ በአሜሪካ የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ሲጠኑ፣ ቀውሱ በበረታባቸው ከተሞች አሠሪዎች የሚጠይቁት ትምህርትና ልምድ ይበልጥ ከፍ ማለቱ ታይቷል፤ ሥራ በተገኘበት ጊዜም መስፈርቱ ወዲያው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ጸሐፊው ወደ ሥራ ሲገቡ ይህ መስመር በማስታወቂያው ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ እርሳቸውም በዚያው መስመር ይወድቁ ነበር።

ስለ አለመርጋት የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። በሥራ ሕይወት መጀመሪያ ላይ ከሥራ ወደ ሥራ መዘዋወር የዛሬ ወጣት የፈጠረው ጠባይ አይደለም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያለውን የአሜሪካ መዝገብ የመረመረ የታወቀ ጥናት፣ አንድ ወጣት ወንድ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በአማካይ ሰባት አሠሪ ጋር እንደሚሠራ፣ በዚያ ጊዜ ካገኘው የደመወዝ ዕድገትም ቢያንስ ሲሶው የመጣው አሠሪ በለወጠበት ወቅት እንደ ሆነ አሳይቷል። ይህ እንግዲህ የጸሐፊው እኩዮች ወይም የአባቶቻቸው ዘመን ነው። ልዩነቱ ያለው የድሮው ወጣት ብዙ ጊዜ የተሻለ አግኝቶ መልቀቁ፣ የዛሬው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮንትራቱ አልቆበት መውጣቱ ላይ ነው። በሲቪው ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስመር ሆነው ይታያሉ።

የቀረው የዕድሜ ነገር ነው፤ ለእኔ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው የደረሱበትን ድምዳሜ ያመጣው አንድ የሚያታልል ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ዓመት የተሠራ የሥራ ጥናት ብንከፍት የ22 ዓመት ወጣቶች ሥራ አጥነት ከፍ ብሎ፣ የ35 ዓመቶቹ ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን። ከዚህ ተነሥቶ የዛሬው የ22 ዓመት ወጣት የ35 ዓመት ሰው ሲሆን በዚያ ወንበር ይቀመጣል ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡ የአንድ ሰው የዕድሜ ጉዞ አይደለም፤ በተለያየ ጊዜ ወደ ሥራ የገቡ ሁለት ዓይነት ሰዎችን አንድ ቀን ላይ የያዘ ፎቶ ነው። ዕድሜ ማስተካከል አለማስተካከሉን ለማወቅ በአንድ ዓመት የተመረቁትን ይዞ ከዓመት ዓመት መከተል ያስፈልጋል። ይህን ያደረጉ ጥናቶች አሉ፤ መልሳቸውም አንድ ወጥ አይደለም።

የመጀመሪያው ከ1979 እስከ 1989 ከአሜሪካ ኮሌጆች የተመረቁ ነጭ ወንዶችን የተከተለ ነው። በተመረቁበት ጊዜ የነበረው ሥራ አጥነት በአንድ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር የመነሻ ደመወዛቸው ከ6 እስከ 7 በመቶ ያህል ዝቅ ይል ነበር፤ ክፍተቱ ቀስ እያለ ቢጠብም ከ15 ዓመት በኋላ እንኳ 2.5 በመቶ ያህል ይቀር ነበር። በግርድፉ አስሉት። ሥራ አጥነት በሦስት ነጥብ ከፍ ባለበት ዓመት የተመረቀ ሰው፣ ዕድለኛው 100 ሲያገኝ እርሱ በ80 አካባቢ ይጀምራል፤ ከ15 ዓመት በኋላም ዕድለኛው 100 ሲያገኝ እርሱ 92 ወይም 93 ላይ ነው። በመካከሉ በየዓመቱ የጎደለው ቢደመር የሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ ይጠጋል። ይህ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ሥራ አለው፤ ለጸሐፊው ቦታውን የያዘ ነው፤ ሥራ አጥነትን ብቻ የሚያይ መዝገብም ጉድለቱን አያነሣውም።

ሁለተኛው ጥናት በካናዳ ከ1976 እስከ 1995 ከኮሌጅ የወጡ ወንዶችን የተመለከተ ነው፤ የጸሐፊውን አባባል በከፊል ይደግፋል። በተለመደ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት የተመረቁት ገቢ መጀመሪያ ላይ 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ በአምስት ዓመት ክፍተቱ በግማሽ ይጠብባል፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በአማካይ ይጠፋል። በአማካይ የሚለውን ቃል ግን ልብ ማለት ያሻል። ክፍተቱን የዘጉት የጀመሩበትን ደካማ ድርጅት ትተው ወደ ተሻለ ድርጅት መዘዋወር የቻሉት ናቸው፤ ጸሐፊው ቀደም ብለው በነቀፉት አለመርጋት ማለት ነው። ከትምህርታቸውና ከሙያቸው አንጻር የገቢ ተስፋቸው ዝቅተኛ የነበረው ግን በጀመሩበት ደረጃ ቀርተዋል። ስለዚህ ያስተካከለው መዘዋወር ነው፤ መዘዋወር ያልቻለውን ዕድሜ ብቻውን አላስተካከለውም።

መዘዋወር የሚባለው ነገር ለሁሉም ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ያየችው ጃፓን ናት። በዚያ ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛ በብዛት የሚቀጥሩት ከተማሪዎች መካከል ነው፤ ተማሪው ገና ሳይመረቅ ተወዳድሮ ቃል ይሰጠዋል፣ ትምህርቱን በመጋቢት ይጨርሳል፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ከእኩዮቹ ጋር አንድ ቀን ሥራ ይገባል። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይህ ሥርዓት ለስላሳ ድልድይ ነበር፤ የወጣቶች ሥራ አጥነት ያስጨነቃቸው አገሮችም በቅናት ያዩት ነበር። የንብረትና የአክሲዮን ዋጋ አረፋ ሲፈነዳ ድርጅቶቹ የያዙትን ሠራተኛ ከማባረር ይልቅ አዲስ መቅጠርን እጅግ ቀነሱ፤ አዲስ ገቢ ማኅበርም፣ የሚሟገትለት አለቃም ስለሌለው ከቅነሳ ሁሉ ጸጥተኛው ይህ ነው። በ2000 የጸደይ ወራት ለተመረቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተከፈተው የሥራ ቦታ ከፈላጊው ብዛት በታች ሆነ። ከ1993 ገደማ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተመረቁት «የበረዶ ዘመን» ትውልድ የሚል ስም ወጣላቸው።

ከዚያ ኢኮኖሚው አገገመ፤ ድርጅቶቹም እንደገና መቅጠር ጀመሩ። የቀጠሩት ግን በዚያው ዓመት የሚመረቁትን ነበር። ከሦስትና ከአምስት ዓመት በፊት የተመረቀው ለአዲስ ተመራቂዎች ውድድር ጊዜው ያለፈበት፣ ልምድ ላላቸው ውድድር ደግሞ ልምዱ የጊዜያዊ ሥራ ብቻ ስለ ነበር የማይበቃ ሆነ። ድልድዩ በየሚያዝያው ይዘረጋል፤ ለእርሱ የተዘረጋው አንድ ጊዜ ነበር፣ ያን ዓመትም ተሰብሮ ነበር። የጃፓን መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች ቋሚ ሥራ ለማስገኘት የሦስት ዓመት ልዩ መርሐ ግብር ያወጀው በ2019 ነው። በዚያን ጊዜ የመርሐ ግብሩ ተጠቃሚዎች ከሠላሳዎቹ አጋማሽ እስከ አርባዎቹ አጋማሽ ያሉ ሰዎች ነበሩ።